ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኛዬ ወፍራ ብትመጣ «ወፍረሻል» ብዬ አላውቅም። «ጨርቁ ነው የጠበበሽ» እላለሁ፣ «ዘንድሮ እኮ ሰፋ ያለ ነው የሚለበሰው» እላለሁ፤ ደስ ብሏት ቀጥ ብላ ትቆምልኛለች። ሜትሩን ወገቧ ላይ ካዞርኩ በኋላ ግን ያየሁትን ቁጥር ነው የምጽፈው። ላስደስታት ብዬ ሁለት ጣት ብቀንስ ልብሱ በሠርጉ ዕለት ጀርባዋ ላይ ይተረተራል፣ ስድቡም ለኔ ነው። አፍ እንደፈለገ ይለስልስ፤ ሜትር አይለሰልስም። ይኼን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። አያ አያውቁትም ነበር፤ እስከ ዛሬም ስለሳቸው ሳወራ ጥርሴን አፋጫለሁ።

አያ የአባታችን ታናሽ ወንድም ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ «አያ» ብቻ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ከደባርቅ ወዲያ፣ ድብ ባሕር፣ አስፋልቱ ዳር ነው። እናታችንና አራቱ ወንድሞቻችን ደግሞ ከዚያ ወደ ላይ፣ በእግር ብቻ በሚወጣው መንገድ፣ ስልክ የማይሠራበት ቀበሌ ውስጥ እያረሱ ይኖራሉ። ስለዚህ ከጎንደር የሚላክ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አያ ስልክ ላይ ነው የሚያርፈው። እሳቸው በትራቸውን ይይዙና ወጥተው ያደርሱታል።

ለዚህ ሥራ ከሳቸው የተሻለ ሰው የለም ተብሎ ይታመናል። ያገሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው። አንድ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ዘመዱን ማርዳት የሳቸው ድርሻ ነው። ያኔ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳሉ። ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ ውሃ ስጡኝ ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እገሌ ትንሽ አሞታል፤ ብቅ ብትሉ ሸጋ ነው» ይላሉ። «ሞተ» የሚለው ቃል ካፋቸው አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም፣ ሰው አፍጥጦ ሞተ አይባልም። ሰሚው ግን ያውቀዋል። አያ በጎህ መጥተው «ትንሽ አሞታል» ካሉ፣ ያ ሰው አልቆለታል። ሰዉ ልብሱን ቀይሮ ይሰበሰባል፣ ለቅሶው ይነሳል።

እኔ በዚህ ልማድ ጠብ የለኝም። አባታችን ሲሞት ለኔም እንደዚያው ነው የተነገረኝ፣ ደግ አደረጉ። ሞት ቀነ ገደብ የለውም። ዛሬ ቢሰሙት፣ ከነገ ወዲያ ቢሰሙት፣ ያው ሞት ነው፤ ለሱ የሚደርሱለት ሰዓት የለም። ስለዚህ የፈለጉትን ያህል ቢያለሰልሱት ምንም አይጎድልበትም። ጣጣው አያ ያችኑ አፍ ለሕያው ሰው ይዘዋት ሲመጡ ነው።

ታናሽ እህቴ ሆዷ ያብጥ ጀመር። መጀመሪያ ጠበል ሞከረች፣ ቀጥሎ ደባርቅ ታየች፣ በመጨረሻ ጎንደር እኔ ዘንድ መጣችና ሆስፒታል አስተኛኋት። ዕጢ ነው ተባለ። አዘዞ ካለው ቤቴ ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ቀን ሱቄን እከፍታለሁ፣ ማታ ተመልሼ አጠገቧ እሆናለሁ። እህቴ በሕመሟም ላይ ቀልደኛ ነበረች። ሆዷን እየደባበሰች «እታለም፣ አንቺ ነሽ ልብስ ሰፊ፤ ይኼን ትርፍ ጨርቅ ምነው ቆርጠሽ ባወጣሽልኝ» ትለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ጠርቶ አነጋገረኝ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ስፔሻሊስት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ቅዳሜ ተመልሶ ይበራል፤ የእህቴ ተራ ዓርብ ጠዋት ነው። ዕጢው ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ደም ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ ሆዷ አይከፈትም። የደሟ ዓይነት ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ባንኩ ውስጥ አንድ ከረጢት ብቻ አለ። የኔን መርምረው አልገጠመም ብለውኛል። በናት ባባት ከሚገናኙ ወንድሞች መካከል የሚገጥም ሊገኝ ይችላል። «ከሦስት ያላነሱ ወንድሞቿ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ደም ባንክ ይድረሱ» አለኝ። «በልተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ እንቅልፋቸውን ተኝተው ይምጡ። የተሰጠ ደም ተመርምሮ ነው ለሰው የሚሰጠው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከመጡ ለዓርብ አይደርስም።» ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እዚያው ቆሜ ለአያ ደወልኩ። የነገረኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሦስት ወንድሞች፣ ሐሙስ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ደም ሊሰጡ፣ በልተው። «እህትሽ እንደምን ናት?» አሉኝ። ደህና ናት፣ ቀዶ ጥገናው ከተሠራላት ትድናለች ብለዋል አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ» አሉ። እውነትም ያንኑ ቀን ወጡ። በስንፍና አልማቸውም።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ከእህቴ ጎን የተኙ አሮጊት በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ነበራቸው፤ ለከሰዓት ተላልፎባቸው ነበርና ሲስተሯ ልትነግራቸው መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች። «የኔ እናት አይዞሽ፣ እኔም እዚያው ነኝ፣ ምንም አይሰማሽም» አለቻቸው፤ እንደዚያ ለስላሳ ሴት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ያችው ለስላሳ አፍ «እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ግን ምግብ የለም፣ ውሃም የለም፣ አንድ ጉንጭ እንኳ» አለች። አሮጊቷም «እሺ ልጄ» አሏት። ሲስተሯ አልተነሳችም። «እስቲ ምን አልኩሽ?» አለቻቸው። አሮጊቷ «አይዞሽ ብለሽኛል» አሉ። «ሌላስ?» «ምንም አይሰማሽም ብለሽኛል።» «ስለ ውሃስ?» «ጥቂት ብቀምስ አይከፋም ብለሽኛል መሰለኝ።» ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነገረቻቸውና አስደገመቻቸው፣ አሮጊቷ «አንድ ጉንጭም የለም፣ እስከ ስምንት ሰዓት» እስኪሉ ድረስ እጃቸውን አልለቀቀችም።

ይኼን አይቼ አያ ትዝ አሉኝ። ሱቄ ስደርስ መቀሱን ሳላነሳ ለአያ ደወልኩ። ከላይ ወርደው ቤታቸው ገብተዋል።

«አያ፣ ነገሯቸው?»

«ነገርኩ እንጂ። ማለዳ ነው የነገርኳቸው።»

«ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት ብለዋቸዋል?»

«ምነው ልጄ፣ እኔ ነገር ጠፍቶኝ ያውቃል? ሸጋ አድርጌ ነው የነገርኳቸው።»

«ሸጋ ይሁን፤ ግን ቀኑንና ቁጥሩን ብለዋል ወይ? እስቲ ያሏቸውን ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

«ሽማግሌ እንደ ቄስ ተማሪ ቃል ቆጥረህ ድገም አይባልም» አሉኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አትቸኩይ፣ ይመጣሉ።» ስልኩን ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሱም፤ ከዚያም ማታ ብደውል ስልካቸው ተዘግቷል። ወደ ላይ የምልከው ሌላ ሰው በስልክ ማግኘት አልቻልኩም። ድብ ባሕር ሻይ ቤት ላላት አንዲት የማውቃት ሴት ደውዬ አያን አናግሪልኝ ብላት፣ ሄዳ ጠይቃቸው «ተነግሯቸዋል፣ እየተሰናዱ ነው ብለዋል» አለችኝ። እየተሰናዱ ነው የሚለው ቃል አሳረፈኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን አልከፈትኩም። የሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። ከደባርቅ በኩል የገባ ሚኒባስ ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ የወንድሞቼን ፊት ስፈልግ ስንቱን ገበሬ አፍጥጬ አየሁ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ወደ ደም ባንኩ ሄጄ ያለውን ልጅ ለመንኩት። እስከ ስድስት እጠብቃለሁ አለኝ፣ ከስድስትም አሳልፎ ጠበቀኝ። ማንም አልመጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ላዩ ላይ የተጫነው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እናቴ መሀል ላይ ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ደረቷን ትደቃለች። አራቱም ወንድሞቼ አሉ፣ ሦስት ብቻ አይደሉም፤ ያጎቶቼ ልጆች አሉ፣ የሰበካው ቄስ አሉ፣ የዕድሩ ሰዎች አሉ። ቃሬዛ ይዘው መጥተዋል። አያም ፊት ወንበሩ ላይ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ፊታቸውን ቋጥረው ተቀምጠዋል።

ታላቅ ወንድሜ ወርዶ አቀፈኝና አንገቴ ላይ ማልቀስ ጀመረ። «የት አስቀምጠዋታል?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ከላዬ አላቀቅኩት። «አልጋዋ ላይ ናት» አልኩት። «ከጠዋት ጀምሮ ማን መጣ እያለች ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው።»

ዞሮ አያን አየ። እናቴ ግን አልሰማችም፣ መስማትም አልቻለችም፤ የልጇን ስም እየጠራች፣ ቁመናዋን እየቆጠረች፣ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። የእህቴ ክፍል መስኮት ደግሞ በዚያ በኩል ነው። እህቴ የራሷን ሙሾ በገዛ እናቷ ድምፅ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው።

አያ ያሏቸውን ነገር ከወንድሜ አፍ ሰማሁ። ማክሰኞ መንገድ ላይ አድረው፣ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ደርሰው፣ ስለ ከብቱ ጠይቀው፣ ውሃ ጠጥተው፣ እንዲህ ነው ያሉት፦ «እህታችሁ ትንሽ ደከም ብላለች። ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን እያረጉ ነው። እንግዲህ እግዜር ያለው ነው የሚሆነው። ሰሞኑን ሲመቻችሁ ሰብሰብ ብላችሁ ብቅ ብትሉ ሸጋ ነው።»

ሐሙስ የነበረው «ሰሞኑን» ሆነ። ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረው «ሲመቻችሁ» ሆነ። ሦስት ወንድሞች «ሰብሰብ» ሆኑ። ደም የሚለው ከነጭራሹ የለም። የግድ የነበረው «ሸጋ ነው» ሆነ። እኔ የላክሁት ልብስ ተቆርጦ፣ ተቆርጦ፣ ክር ብቻ ነው የደረሰው። ሰዉም ያችን ክር ሰምቶ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ የተረዳውን ተረዳ። ረቡዕን ዘመድ ሲጠሩ፣ ያይሱዙ ኪራይ ሲያዋጡ፣ ቃሬዛ ሲያሰናዱ ዋሉ። እየተሰናዱ የነበሩት ለዚህ ነው።

«ደውላችሁ አትጠይቁኝም ነበር? ድብ ባሕር ስትደርሱ ስልክ አለ አይደል?» አልኩት ወንድሜን።

«ብቻሽን በስልክ እንዳናስለቅስሽ ፈራን» አለኝ። «ለቅሶ በስልክ እንዴት ይነሳል? መጥተን፣ አቅፈንሽ ልናለቅስ ነበር ያሰብነው።»

ይኼን ሲለኝ ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላወቅሁም። አንዱ ላንዱ አዝኖ፣ አንዱ ላንዱ ተጠንቅቆ፣ እህቴን ገደላት እንጂ ምን ይባላል። አያ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ተወልጄ ካደግሁ ጀምሮ እሳቸውን በአንቱታ እንጂ ጠርቻቸው አላውቅም።

«አንተ» አልኳቸው። «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

እናቴ እንኳ ሙሾዋን አቋረጠች። ቄሱ «ኧረ ልጄ» ብለው እጄን ያዙኝ፤ አስለቀቅሁ። አያ ወደ መሬት እያዩ «የእናትሽን ልብ ፈርቼ ነው» አሉ። «ደም ስጡ ብላት ትደነግጣለች ብዬ። ወንድሞችሽም ደም ሲባል ይሸሻሉ ብዬ። እያለቀሱ ወርደው ሲጭኑኝ ደግሞ፣ ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ያረዳቸው መሰለኝ።»

«እናቴ አሁን አልደነገጠችም?» አልኳቸው።

ወንድሞቼን እየጎተትኩ ወደ ደም ባንክ ወሰድኳቸው። ልጁ አሁንም ነበር። ግፊታቸውን ለካ፣ መቼ በላችሁ አላቸው። ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ እህቱ ሞታ ማን እህል ይበላል? ሌሊቱንም ሲያለቅሱ ነው ያደሩት። ሁለቱ ቆመው እንኳ ይወዛወዛሉ። ልጁ አዝኖ «እነዚህን ብቀዳ እዚሁ ይወድቁብኛል፤ ዛሬ በልተው ተኝተው ነገ ይምጡ» አለኝ። ነገማ ዓርብ ነው፣ የነገ ደም ተመርምሮ ለነገ ጠዋት አይደርስም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ስፔሻሊስቱን ኮሪደር ላይ አድፍጬ ያዝኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ቀና አደረገኝ። «ያለ ደም ብከፍታት ጠረጴዛው ላይ ትቀርብኛለች» አለኝ። «ተራዋን ለሌላ በሽተኛ መስጠት አለብኝ። ስመለስ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።» ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የምጮህበት ሰው አጣሁ።

እህቴ ዘንድ ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተደፍታ የልጇን እግር ትስማለች። እህቴ በናታችን ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና «እታለም፣ ሙሾዬ ሸጋ ነበር» አለችኝ። «ይኼን ያህል ቆንጆ መሆኔን አላውቅም ነበር።» እሷን ለማሳቅ ሳቅሁ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ግንቡን በቡጢ መታሁት፤ እጄ አብጦ ሳምንት ሙሉ መርፌ መያዝ አቃተኝ።

በሳምንቱ አራት ሽማግሌዎች አዘዞ ቤቴ ድረስ መጡ። እኔን ሊያጽናኑ መስሎኝ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ለካ አያን አንተ ብለሻልና ይቅርታ ጠይቂ ሊሉኝ ነው የመጡት። «ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት አዋረድሽ» አሉኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብዬ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ አንደኛው «እሱስ ልክ ነሽ፤ ቢሆንም» አሉ። ይኼ «ቢሆንም» የሚሉት ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል። አያን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ እህቴ ገና ደም የምትፈልግ ስለሆነች ነው እንጂ ልቤ አልነበረበትም።

ደም ተቀድቶ ብዙ ስለማይቆይ ቀኑ ሳይታወቅ አትቀዱም ተብለው፣ ስፔሻሊስቱ የሚመለስበት ቀን ሲታወቅ ወንድሞቼ ለአጨዳ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። መልእክቱ አሁንም በአያ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። ደወልኩላቸው። አንቱታዬን መልሼ ነበር። ሁሉንም ከነገርኳቸው በኋላ ልክ እንደ ሲስተሯ «እስቲ ምን አልኩዎት?» አልኳቸው። ስልኩን የሚዘጉ መስሎኝ ነበር።

«እህታቸው አለች። አልሞተችም» አሉ ቀስ ብለው። «ከሦስት ያላነሱ ወንድሞች። ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት። ደም ሊሰጡ። በልተው፣ ጠጥተው፣ ተኝተው።»

«ለእናቴ እንደፈለጉ አለስልሰው ይንገሯት» አልኳቸው። «አይዞሽ ይበሏት፣ እግዜር ያውቃል ይበሏት፣ ስለ ከብቱም ይጠይቋት። ሰኞን ግን ሰኞ ይበሉ።»

«ሰኞን ሰኞ እላለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ውርደት ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት አራቱም ወንድሞቼ በልተውና ተኝተው መጡ። ከነሱ መካከል የሚገጥም ተገኘ፣ ቀሪውን ባንኩ ከሌላ ቦታ አስመጥቶ ሞላው። በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ተጀመረ። እንደሚፈጅ የተነገረኝን ሰዓት ሳይፈጅ ሐኪሙ ወጣ፤ ፈጥኖ መውጣቱን ሳይ ደህና መስሎኝ ተነሳሁ። ዕጢው በዚህ መካከል አድጎ ከሌላው የሆድ ዕቃ ጋር ተጣብቋል፣ ሊያወጡት አልቻሉም፣ መልሰው ሰፏት።

«በመጀመሪያው ዓርብ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት።

«እሱን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። ይኼ እውነት ይሁን፣ እኔን ለማለስለስ ያለው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ ሌሊት ነቅቼ ሄጄ ልጠይቀው እነሳለሁ።

እህቴ ወደ እናቷ ቤት ልመለስ አለች። ዕጢው እንዳልወጣ ለሷ የነገረቻት ሲስተሯ ናት፤ እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉንም ነገረቻት። ልሸኛት መነኻሪያ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «አያን አትጥዪያቸው፤ ደግ ሰው ናቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ዋሸኋት። ደግነታቸው መሆኑን ማን አጣው? ክፉ ሰው ቢሆኑማ ኖሮ ሐሙስ ብለው እቅጩን ይነግሯቸው ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሱቄ ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ልኬት ስወስድ ስልኬ ጠራ። አያ ናቸው። ሜትሩን ሙሽራዋ ወገብ ላይ እንደያዝኩ አነሳሁት። እንደምን አደርሽ አላሉኝም። ስለ ሱቄ አልጠየቁኝም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል፤ አንድ ቃል ሊጀምሩ ይሞክራሉ፣ ይተዉታል። «እህትሽ ትንሽ» አሉ፤ ያችንም ቃል ዋጧት።

ከዚያ በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል አሉት።

«እህትሽ ሞታለች» አሉኝ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ቀብሯ ነገ ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሺ፤ ዛሬውኑ ተሳፈሪ።»

ልክ እንዳዘዝኳቸው ነው የነገሩኝ። ቀኑ አለበት፣ ሰዓቱ አለበት፣ የማደርገው አለበት። እንዲህ ሲነገር ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያወቅሁት። ሙሽራዋ «ምነው?» ትለኛለች። ስልኩ ውስጥ ሽማግሌው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም አልዘጉትም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እስቲ ምን አልኩሽ?»

ልሰድባቸው ፈለግሁ። አንተ ልላቸው ፈለግሁ። ግን ጥያቄው የኔው ነበር፣ መልሱም ከኔ መምጣት ነበረበት።

«እህቴ ሞታለች» አልኩ። «ቀብሯ ነገ ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት።»

«አዎ» አሉኝ።

ሱቄን ዘግቼ መነኻሪያ ሄድኩ። በማግስቱ ከስድስት ሰዓት በፊት ደረስኩ።